የዲፕሎማትና የጦር ኃይል ታርጋዎችን ማንበብ፦ ከተለመደው የአገር ቁጥር አወጣጥ ውጭ የሆኑትን በደረጃ ለመፍታት የሚረዳ መመሪያ

231 D 145 የሚል ታርጋ ያለበትን መኪና በፎቶግራፍ ያየ ሰው ሁለት ፍጹም የተለያዩ መልሶች ሊያገኝ ይችላል። ታርጋው በብሪታንያ የተሰጠ ከሆነ፣ መኪናው እዚያ በሚገኝ የአንድ የውጭ አገር ሚሲዮን ለሚሠራ ዲፕሎማት የተመዘገበ ነው። በአየርላንድ የተሰጠ ከሆነ ግን በ2023 የመጀመሪያ አጋማሽ ደብሊን ውስጥ የተመዘገበ፣ ከዲፕሎማሲ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ተራ መኪና ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ አገሮች ጎረቤታሞች ስለሆኑና የአየርላንድ መኪናዎች በብሪታንያ መንገዶች ላይ በብዛት ስለሚታዩ፣ ይህ ስሕተት በተግባር የሚያጋጥም ነው። ስለዚህ ልዩ ታርጋን ማንበብ ከፊደሉ ትርጉም ሳይሆን ታርጋውን ማን እንደሰጠው ከመለየት ይጀምራል። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎችም በዚህ ቅደም ተከተል መሠረት የተቀመጡ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ የቀረው ንባብ ሁሉ ይበላሻል።

አንደኛ ደረጃ፦ ታርጋውን የሰጠውን አገር መለየት

የዲፕሎማት ታርጋን የሚወስን ዓለም አቀፍ ደንብ የለም። የዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የቪየና ስምምነት በ1961 ሲፈረም፣ የሚሲዮን መሪ በመኪናው ላይ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ የመስቀል መብት እንዳለውና የሚሲዮን መጓጓዣዎች እንደማይፈተሹ ደንግጓል፤ ስለ ታርጋ ቀለም፣ ፊደል ወይም ቁጥር ግን ያለው ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተቀባይ አገር የራሱን ሥርዓት አውጥቷል። በአንዱ አገር የተማሩትን ይዞ ሌላውን ለማንበብ መሞከር ብዙዎችን የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ፎቶግራፉ የተነሣበት ቦታ ስለ ሰጪው አገር የሚሰጠው ማስረጃ ደካማ ነው፤ መኪና ድንበር ይሻገራልና። ጠንካራው ማስረጃ በራሱ በሰሌዳው ላይ ይገኛል። በመግቢያው ላይ ያነሣነውን ታርጋ እንውሰድ። የአየርላንድ ሰሌዳ ከፊትም ከኋላም ነጭ ነው፤ በግራ ጠርዙ IRL የሚል ሰማያዊ መደብ አለው፤ ከቁጥሮቹ በላይ የአውራጃው ስም በአይሪሽ ቋንቋ በትናንሽ ፊደላት ይጻፋል፤ በቁጥሮቹና በፊደሉ መካከልም ሰረዝ ይገባል። የብሪታንያ ሰሌዳ በአንጻሩ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቢጫ ሲሆን ከቁጥሮቹ በላይ የተጻፈ የቦታ ስም የለውም።

ምስሉ ደብዝዞ እነዚህ ምልክቶች ባይታዩ እንኳ ቁጥሩ ራሱ የሚረዳበት ጊዜ አለ። አየርላንድ ከ2013 ጀምሮ የምትጠቀምበት ባለሦስት አኀዝ መነሻ፣ የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አኀዞችና ከዚያ ቀጥሎ 1 ወይም 2 የያዘ ነው፤ 1 የዓመቱን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ 2 ሁለተኛውን ያመለክታል። ስለዚህ በ0 ወይም በ7 የሚጨርስ ባለሦስት አኀዝ መነሻ ካዩ የአየርላንድ ሊሆን አይችልም። 231 ግን ለሁለቱም ሥርዓቶች ይስማማል፤ እንዲህ ያለውን ቁጥር ከሰሌዳው ቅርጽ ውጪ መለየት አይቻልም። ሰሌዳው በግልጽ ካልታየ ትክክለኛው መልስ «አልተለየም» የሚል ነው፤ በግምት ከመወሰን ይህን መጻፍ እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የአገሩን የሲቪል ቁጥር አወጣጥ አጠገቡ አድርጎ ማስተያየት

ታርጋው ከተለመደው ወጣ ብሏል ለማለት በቅድሚያ የተለመደውን ማወቅ ግድ ነው። በብሪታንያ ከ2001 ወዲህ የሲቪል ታርጋ ሁለት ፊደል፣ ሁለት አኀዝና ሦስት ፊደል ነው፤ ሦስት አኀዝ፣ አንድ ፊደልና ሦስት አኀዝ የሚለው አደራደር በዚህ ውስጥ የለም። በጀርመን የሲቪል ታርጋ በከተማ ወይም በአውራጃ ምሕጻር ይጀምራል፤ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ፊደል፣ ከዚያም ቁጥር ይመጣል፤ B AB 1234 በርሊንን እንደሚያመለክተው ማለት ነው። በሩሲያ ደግሞ አንድ ፊደል፣ ሦስት አኀዝና ሁለት ፊደል በቅደም ተከተል ተጽፈው በስተቀኝ በኩል የክልሉ ቁጥር ለብቻው ይቀመጣል።

የሩሲያው አሠራር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። የሲቪል ታርጋ የሚጠቀመው ቅርጻቸው በሲሪሊክም በላቲንም አንድ በሆነ 12 ፊደላት ብቻ ነው፤ እነሱም А፣ В፣ Е፣ К፣ М፣ Н፣ О፣ Р፣ С፣ Т፣ У እና Х ናቸው። D የሚለው ፊደል ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ በሩሲያ ታርጋ ላይ D ሲታይ፣ ቀለሙ በጨለማ ወይም በጥቁርና ነጭ ምስል ጠፍቶ ቢሆን እንኳ፣ ሰሌዳው ከሲቪሉ ሥርዓት ውጭ መሆኑ ይታወቃል። T ግን ከ12ቱ አንዱ በመሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የአደራደሩን ቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ አንባቢዎች ቀለምን የመጀመሪያ መለያ ያደርጋሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ቀለም በሩሲያ በእጅጉ ይረዳል፤ የዲፕሎማት ታርጋ ቀይ መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ ነውና። በፈረንሳይም የዲፕሎማት ታርጋ አረንጓዴ መደብ አለው። በብሪታንያና በጀርመን ግን የዲፕሎማት መኪና ሰሌዳ ቀለም ከጎረቤቱ የሲቪል መኪና ሰሌዳ ቀለም አይለይም። ቀለምን ብቻ የሚፈልግ ሰው በእነዚህ አገሮች ታርጋውን ሳያስተውለው ያልፋል። አደራደርን የሚመለከት ሰው ግን አያልፈውም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ታርጋውን በክፍል በክፍል መከፋፈል

አብዛኞቹ የዲፕሎማት ታርጋዎች፣ መልካቸው ቢለያይም፣ ሦስት ነገሮችን ይይዛሉ፦ የላኪውን አገር ወይም ድርጅት መለያ ቁጥር፣ የተጠቃሚውን ደረጃ የሚገልጽ ፊደል፣ እንዲሁም ተራ ቁጥር። አንዳንድ አገሮች የቦታ መለያ ይጨምራሉ። የአንባቢው ሥራ የትኛው ክፍል የትኛው እንደሆነ መወሰን ነው።

አንድ ታርጋ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ቀይ መደብ ላይ በነጭ 004 D 318 ተጽፏል፤ በስተቀኝ በኩል ለብቻው በተከለለ ቦታ 77 አለ። መደቡና D የሚለው ፊደል ሰሌዳውን የሩሲያ ዲፕሎማት ታርጋ ያደርጉታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኀዞች ላኪውን አገር ይነግራሉ፤ በሩሲያ ሥርዓት 001 ብሪታንያ፣ 002 ጀርመን፣ 003 ካናዳ፣ 004 ዩናይትድ ስቴትስ ነው። D የሚለው መኪናው የዲፕሎማትነት ደረጃ ላለው ሰው ወይም ለሚሲዮኑ የተመዘገበ መሆኑን ይገልጻል፤ CD ቢሆን ኖሮ የሚሲዮኑ መሪ፣ ማለትም የአምባሳደሩ ይሆን ነበር፤ T ቢሆን ደግሞ የአስተዳደርና የቴክኒክ ሠራተኛ። 318 ተራ ቁጥር ነው። በስተቀኝ ያለው 77 የሞስኮ መለያ ነው።

አሁን ሌላ ታርጋ አጠገቡ እናስቀምጥ፤ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ 77 CD 42 ይላል። ይህ የሕንድ አሠራር ነው፤ በሕንድ ሥርዓት 77 የሚለው የአገር መለያ የዩናይትድ ስቴትስ ሲሆን 42 ተራ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ታርጋ ላይ 77 ከተማን፣ በሁለተኛው ላይ አገርን ያመለክታል። ይኸው አገር ሞስኮ ላይ 004፣ ዴልሂ ላይ 77፣ ለንደን ላይ ከ270 እስከ 274 ባሉት ቁጥሮች ይታወቃል። የ CD ትርጉምም አንድ አይደለም፤ በሩሲያ አምባሳደሩን ብቻ ሲያመለክት፣ በሕንድ ለዲፕሎማቶች ሁሉ ይሠራል። በፈረንሳይ ደግሞ CD ዲፕሎማቱን፣ CMD የሚሲዮኑን መሪ ይወክላል። የአንዱን አገር የመለያ ዝርዝር ይዞ ሌላ አገር ታርጋ ላይ መተርጎም በዚህ ዘርፍ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስሕተት ነው፤ ውጤቱም ትክክል ስለሚመስል በቀላሉ አይጋለጥም።

የአገር መለያ በፊደል በሚሰጥበት ቦታ ፈተናው ይብሳል። በዩናይትድ ስቴትስ ከ1984 ጀምሮ የዲፕሎማት ታርጋ የሚሰጠው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አገር በሁለት ፊደላት ይወከላል። እነዚህ ፊደላት የአገሩ ስም ምሕጻር አይደሉም። ስለዚህ የፊደላቱን ድምፅ አይቶ ከአገር ስም ጋር ማዛመድ ወደ ተሳሳተ አገር ይወስዳል። አስተማማኙ መንገድ ዝርዝሩን ማየት ብቻ ነው።

በቁጥርም ቢሆን ቅደም ተከተሉን ተማምኖ መገመት አይገባም። የብሪታንያ ሥርዓት በ1979 ሲጀመር መለያዎቹ ከ101፣ ከአፍጋኒስታን ተነሥተው በአብዛኛው የአገሮቹን ስም የእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተከትለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተፈጠሩ አገሮች ግን ስማቸው በሚጠይቀው ቦታ መካከል ሊገቡ አይችሉም። «ይህ ቁጥር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለ የእገሌ አገር ነው» የሚለው ስሌት ለዚህ አይሠራም።

አራተኛ ደረጃ፦ ተራ ቁጥሩንና ልዩ ሁኔታዎችን መመልከት

ተራ ቁጥር ብዙ ጊዜ የመኪና ብዛት ተደርጎ ይወሰዳል። በብሪታንያ የዲፕሎማቶች ተራ ቁጥር የሚጀምረው ከ1 ሳይሆን ከ101 ነው። ስለዚህ በመግቢያው ያነሣነው ታርጋ የብሪታንያ ሆኖ ከተገኘ፣ 145 የሚለው በዚያ መለያ ሥር 45ኛው ቁጥር መሆኑን እንጂ ሚሲዮኑ 145 መኪና እንዳለው አያሳይም። መካከለኛው ፊደል X በሚሆንበት ጊዜ ተጠቃሚው የዲፕሎማትነት ደረጃ የሌለው እውቅና የተሰጠው ሠራተኛ ነው፤ ተራ ቁጥሩም ከፍ ካለ ቁጥር ይነሣል። 900 X 400 ለምሳሌ የኮመንዌልዝ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ 900 አገር ሳይሆን ዓለም አቀፍ ድርጅት መሆኑን ያስተውሉ።

ጀርመን ላይ ያለው ልዩ ሁኔታ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የዲፕሎማት ታርጋ በከተማ ምሕጻር ፈንታ በ0 ይጀምራል፤ ቀጥሎ የአገር መለያ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር ይመጣል። 0 10-1 ቢል 10 የቅድስት መንበር መለያ ሲሆን 1 የተራው መጀመሪያ ነው። የዲፕሎማትነት ደረጃ የሌላቸው የኤምባሲ ሠራተኞች መኪና ግን በ0 ፈንታ የከተማውን ምሕጻር ይዞ፣ ከዚያ በኋላ በፊደል ፈንታ በቁጥር ብቻ ይቀጥላል። ስለዚህ በበርሊን ታርጋ ላይ B ካለ በኋላ ሌላ ፊደል ሳይከተል ቁጥር ሰረዝ ቁጥር ከመጣ ሰሌዳውን ደግሞ ማየት ይገባል።

ሆኖም በ0 የሚጀምር ሁሉ ዲፕሎማት አይደለም። 0-1 የጀርመን ፌዴራል ፕሬዚዳንት፣ 0-2 የመራሔ መንግሥቱ መኪና ታርጋ ነው። መለያው የክፍሎቹ ብዛት ነው፤ የዲፕሎማት ታርጋ ከ0 በኋላ ሁለት የቁጥር ክፍሎች ሲኖሩት፣ የእነዚህ ባለሥልጣናት ታርጋ አንድ ብቻ አለው። ከርቀት በተነሣ ምስል ላይ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ሰረዝና ክፍተት ስለሚደበዝዝ፣ ንባቡን ከመመዝገብ በፊት ምስሉን አቅርቦ ክፍተቶቹን መቁጠር ያስፈልጋል። ታርጋ ሲገለበጥም ክፍተቱን እንዳለ መጻፍ እንጂ ቁጥሮቹን አያይዞ መጻፍ አይገባም፤ ከተያያዙ በኋላ የአገር መለያው የት ላይ እንደሚያልቅ የሚታወቅበት መንገድ የለምና።

አምስተኛ ደረጃ፦ የጦር ኃይል ታርጋ ሲሆን

የጦር ኃይል ታርጋ ከዲፕሎማቱ በመሠረቱ ይለያል፤ ሌላ አገርን አይወክልም፣ ለውጭ ሰው እንዲነበብም አልተዘጋጀም። ከእሱ የሚገኘው መረጃ አነስተኛ ነው፤ ባለቤቱ የጦር ኃይሉ መሆኑን፣ አንዳንዴም የሠራዊቱን ክፍል ወይም ዘመኑን።

ቀላሉ የጀርመን ነው። የጦር ኃይሉ ታርጋ በ Y ይጀምርና በቁጥር ብቻ ይቀጥላል፤ በ Y የሚጀምር የከተማ ምሕጻር ስለሌለ ከሲቪል ጋር አይምታታም። በሰሌዳው ግራ ጠርዝም የአውሮፓ ኅብረት ሰማያዊ መደብ በሚኖርበት ቦታ የጀርመን ሰንደቅ ዓላማ ይታያል። በ X የሚጀምረው ደግሞ በጀርመን ያሉ የኔቶ ጠቅላይ መምሪያዎች ነው። ነገር ግን ከምሕጻሩ በኋላ ሁለተኛ የፊደል ክፍል አለመኖሩ ብቻውን ጦር ኃይል ለማለት አያበቃም፤ BP የፌዴራል ፖሊስ፣ THW የቴክኒክ እርዳታ ተቋሙ ሲሆን ሁለቱም በቁጥር ብቻ ይቀጥላሉ።

በብሪታንያ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ለረጅም ዘመን የጦር ኃይሉ ታርጋ ሁለት አኀዝ፣ ሁለት ፊደልና ሁለት አኀዝ ነበር፤ ይህን ከሲቪል መለየት አያስቸግርም። በኋላ የመጣው ሁለት ፊደል፣ ሁለት አኀዝና ሁለት ፊደል ግን ከዛሬው የሲቪል ታርጋ የሚያንሰው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። በሲቪል ታርጋ መካከል ያሉት ሁለት አኀዞች መኪናው የተመዘገበበትን ጊዜ ይነግራሉ፤ በጦር ኃይሉ ታርጋ ላይ ግን ይህ ትርጉም የላቸውም። ስለዚህ ባለስድስት ምልክት የሆነውን ታርጋ «አንድ ፊደል የተቆረጠበት ሲቪል» አድርጎ ማንበብና ዘመኑን ማስላት ፍጹም ስሕተት ነው። ምልክቶቹን መቁጠር፣ የኋላው ሰሌዳ ቢጫ መሆን አለመሆኑንም ማየት ይህን ስሕተት ያስቀራል።

የሩሲያ ጦር ኃይል ታርጋ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ ሲሆን አራት አኀዝ፣ ሁለት ፊደልና በስተቀኝ በኩል የመለያ ቁጥር አለው። ይህ የቀኝ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ የሲቪሉ የክልል ቁጥር ከሚቀመጥበት ጋር አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን የጦር አውራጃን ወይም የሠራዊት ክፍልን የሚመለከት ነው። በሲቪል ታርጋ ላይ 21 ቹቫሺያን ያመለክታል፤ በጦር ኃይሉ ታርጋ ላይ 21 የደቡብ የጦር አውራጃ ነው፤ ቹቫሺያ በዚህ አውራጃ ውስጥ እንኳ አትገኝም። ጥቁሩን መደብ ሳያስተውል የሲቪሉን ዝርዝር የከፈተ ሰው ተሽከርካሪውን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ቦታ ይወስደዋል።

የሕንድ ጦር ኃይል ታርጋ ደግሞ ዘመን ከሚነግሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ሰሌዳው ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ፤ ቀስቱ በመጀመሪያ ወይም በሦስተኛ ቦታ ይቀመጣል። ቀስቱ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኀዞች፣ ሦስተኛ ቦታ ላይ ከሆነ ከእሱ በፊት ያሉት ሁለቱ፣ ጦር ኃይሉ ተሽከርካሪውን የገዛበትን ዓመት ይነግራሉ። የመጨረሻው ፊደል የተሽከርካሪውን ዓይነት ያመለክታል። የሕንድ ሲቪል ታርጋ በክፍለ ግዛት ምሕጻር ስለሚጀምርና ቀስት ስለሌለው ሁለቱ አይምታቱም። ቀስቱን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ሳይገለብጡ መተው ግን ዓመቱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቅበትን ምልክት ማጥፋት ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ታርጋው የማይናገረውን ለይቶ ማስቀመጥ

ታርጋ የሚናገረው ስለ ተሽከርካሪው ምዝገባ ነው። መሪውን የያዘው ሰው ማን እንደሆነና ምን መብት እንዳለው አይናገርም። የዲፕሎማት መኪና በአገሩ ተወላጅ ሹፌር ሊነዳ ይችላል፤ ዲፕሎማትም በተከራየው ተራ መኪና ሊሄድ ይችላል። የአንድን ሰው ያለመከሰስ መብት የሚያሳየው በተቀባዩ አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተሰጠው መታወቂያና እዚያ ያለው ምዝገባ ነው።

የደረጃ ፊደሉ ግን ለሕግ ጥያቄ ፍንጭ ይሰጣል። በ1961ዱ ስምምነት አንቀጽ 37 መሠረት፣ የአስተዳደርና የቴክኒክ ሠራተኞች ከወንጀል ክስ እንደ ዲፕሎማቱ ቢጠበቁም፣ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚጠበቁት ለሥራቸው ሲሉ ለፈጸሙት ድርጊት ብቻ ነው። ስለዚህ በሩሲያ ታርጋ ላይ T የተባለው ሰው ከሥራ ውጪ በራሱ ጉዳይ ሲነዳ ጉዳት ቢያደርስ፣ D ከተባለው ሰው ሁኔታ የተለየ ጥያቄ ይነሣል። በ1963ቱ የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የሚተዳደሩት የቆንስላ መኮንኖች ጥበቃም ከዲፕሎማቱ የጠበበ ነው፤ CC የሚለውን ከ CD ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር በዚህ ምክንያት አይገባም። መኪናውን በተመለከተ አንቀጽ 22 የሚሲዮኑን መጓጓዣዎች ከፍተሻና ከመያዝ ይጠብቃል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ መብቱ ያላቸው ሁሉ የተቀባዩን አገር ሕግ እንዲያከብሩ ያስገድዳል።

በመኪና የኋላ አካል ላይ የሚለጠፈው CD የሚል ሞላላ ምልክት ከታርጋው ተለይቶ መታየት አለበት። ማንም ገዝቶ ሊለጥፈው ስለሚችል፣ የመደበኛ ሲቪል ታርጋ ያለበት መኪና ይህን ምልክት ቢለጥፍ በንባብ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ሲቪል ተብሎ ነው።

በጦር ኃይል በኩልም ተመሳሳይ ገደብ አለ። ጦር ኃይሎች ለዕለት ተዕለት ሥራ በሲቪል ታርጋ የሚንቀሳቀሱ መኪናዎችን ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ የጦር ኃይል ታርጋ አለመኖሩ የሲቪል ንብረት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ታርጋው በተሽከርካሪው ላይ የተቀባ የክፍለ ጦር ምልክት ተክቶ ሊነበብም አይችልም፤ ምልክቱ ከታየ ለብቻው ይመዝገብ።

መዝገብ ሲያዝ ለእያንዳንዱ ታርጋ አራት ነገሮችን ለየብቻ መጻፍ ይበቃል፦ በዓይን የታየውን ጽሑፍ ከነክፍተቱና ከነቀለሙ፣ ሰጪውን አገርና ያ የታወቀበትን ምልክት፣ የክፍሎቹን ንባብ፣ እንዲሁም መለያው የተፈታበትን የዝርዝር ዘመን። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አገሮች ሲከፋፈሉና ሲዋሐዱ መለያዎች ስለሚቀየሩ፣ የ1985 ፎቶግራፍ በዛሬ ዝርዝር ሲነበብ በዚያን ጊዜ ያልነበረ አገር ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ንባቡን ሳይሆን በቅድሚያ ዝርዝሩን መለወጥ፣ ከዚያም ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ እንደገና መሥራት ነው።